ከፍቺ በኋላ ቀለብ አለ ወይ? ከመሳለሚያ የታየ ዳሰሳ

በመሳለሚያ፣ በእህል በረንዳና በዙሪያቸው ባሉ ሰፈሮች ትዳር ሲናጋ ከዘመድም ከሽማግሌም አፍ የሚሰማ አንድ ምክር አለ። «ክሰሺው፣ ዕድሜ ልክሽን ቀለብ ይቆርጥልሻል» ይባላል። ባልም በበኩሉ ይህንኑ ፈርቶ ንብረት ማሸሽ ይጀምራል። ሁለቱም የሚያስቡት ሕግ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ያለው ሕግ ለትዳር ጓደኛ ቀለብ የሚሰጠው በአብዛኛው ከፍቺው በፊት ነው። ከፍቺው በኋላ ደግሞ በቀለብ ቦታ ሌሎች መብቶችን ያቆማል። እነዚያን መብቶች የሚያገኛቸው ቀደም ብሎ የጠየቀና ማስረጃውን የያዘ ሰው ነው። ይህ ዳሰሳ ማን፣ እስከ መቼ፣ ስንት የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በዚህ መስመር ይከተላል።

ሕጉ የት ይጀምራል፣ የት ያቆማል

በአዲስ አበባ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። የአማራ ክልል የራሱን በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም ደሴ የሚኖር አንባቢ የዚያን ክልል ሕግ ማየት አለበት።

በፌዴራሉ ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ የመተጋገዝና የመደጋገፍ ግዴታ አለባቸው። አንደኛቸው የፍቺ አቤቱታ ሲያቀርብ አንቀጽ 82 ሥራውን ይጀምራል። ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደደረሰው ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ እንዲሁም ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ሕጉ ያዘዋል። በተለምዶ «ጊዜያዊ ቀለብ» የሚባለው ይህ ነው። ሕጉ ባልና ሚስትን አይለይም። የታመመ ወይም ሥራ ያጣ ባል ደህና ገቢ ካላት ሚስቱ ላይ በዚሁ አንቀጽ መጠየቅ ይችላል።

ከፍቺው ውሳኔ በኋላ ግን መሠረቱ ይጠፋል። የሕጉ የቀለብ ምዕራፍ ግዴታውን የሚያቆመው በወላጅና በልጅ፣ በወንድምና በእህት እንዲሁም በተወሰነ ደረጃ በጋብቻ ዘመዶች መካከል ነው። የተፋታ ባልና ሚስት ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ፍቺው ከተወሰነ በኋላ «ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤት ስጠብቅ ኖሬአለሁና በየወሩ ይከፈለኝ» የሚል ጥያቄ ብቻውን የሚደገፍበት አንቀጽ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያቀላቅለው ነገር የልጅ ቀለብ ነው። የልጅ ቀለብ የልጁ መብት ስለሆነ ከፍቺው በኋላም ይቀጥላል። እናት የምትቀበለው ልጁን ስለምታሳድግ ነው። በየወሩ ከቀድሞ ባላቸው ገንዘብ የሚቀበሉ ሴቶችን አይተን «የፍቺ ቀለብ አለ» ብለን የምንደመድመው አብዛኛውን ጊዜ የልጆቻቸውን ቀለብ አይተን ነው።

ማን ይጠይቃል

ጊዜያዊ ቀለብ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ጋብቻውን ያሳያል። የክብር መዝገብ ሹም ፊት የተጋቡ ሰዎች የምስክር ወረቀታቸውን ያያይዛሉ። መርካቶ ዙሪያ ግን በሽማግሌ ፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካህ ተጋብቶ ወረቀቱን ሳያወጣ የኖረ ሰው ብዙ ነው። ሕጉ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመ ጋብቻን ይቀበላል። ወረቀት ከሌለም ሁለቱ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውንና ዘመድና ጎረቤት እንደዚያው ያውቋቸው እንደነበር በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ችግሩ ጊዜ ነው። ጋብቻው ራሱ ከተካደ ችሎቱ ምስክር እስኪሰማ ድረስ የቀለቡ ትእዛዝ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የሠርጉ ፎቶግራፍ፣ የዕድር መዝገብ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና የቀበሌ ወይም የወረዳ መታወቂያ ከአቤቱታው ጋር በመጀመሪያው ቀን መቅረብ አለባቸው። ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሰዎች ጉዳይ በሌላ ክፍል የሚታይ ነው። ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ በጋራ ያፈሩትን የመካፈል መብት አላቸው፣ የፍቺ አቤቱታ ግን የላቸውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግረኛነት ነው። የቀለብ ምዕራፉ የሚያስቀምጠው መስፈርት ጠያቂው የተቸገረና በሥራው ሊተዳደር የማይችል ሰው መሆኑ ነው። በጊዜያዊ ቀለብም ጥያቄው ይኸው ነው። የራሷ ሱቅ ኖሯት ጥሩ የምትሸጥ ሚስት ጊዜያዊ ቀለብ ማግኘቷ ያጠራጥራል። ባል ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ይዞባት ከሆነ ግን አቤቱታው ሌላ መልክ ይይዛል። ከቀለቡ ይልቅ ስለ ንብረት አስተዳደር የሚሰጠው ትእዛዝ ይጠቅማታል።

እስከ መቼ

ጊዜው የሚለካው በክሱ ዕድሜ ነው። ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን መክሮ ያስታርቃቸው እንደሆነ ይሞክራል፣ ወይም ራሳቸው ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ይመራቸዋል። ይህ ካልሠራ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። እርቁ ካልተሳካ ወይም የማሰቢያው ጊዜ ካለቀ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ የፍቺው ውሳኔ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። በወረቀት ላይ ነገሩ አራት ወር ያህል ነው። በተግባር የመጥሪያ አለመድረስ፣ የምስክር መቅረትና የቀጠሮ መደራረብ ሊያረዝሙት ይችላሉ። ቀለቡ ግን ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ይከፈላል።

ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ንብረት እስኪከፈል ድረስ ያለው ጊዜ አደገኛው ክፍተት ነው። ቀለቡ ያበቃል፣ ድርሻው ገና አልተያዘም። የንብረት ክፍፍል ደግሞ ግምት፣ የባለሙያ ሪፖርትና ተቃውሞ ስለሚበዛበት ከፍቺው ይልቅ የሚጎተተው እሱ ነው። በዚህ ጊዜ ጠያቂዋ «ባለቀለብ» መሆኗ ቢቀርም «የጋራ ባለንብረት» ሆና ትቀጥላለች። መጋዘኑ የሚያስገባው ኪራይ፣ መኪናው የሚሠራው ጭነት የሁለታቸውም ነው። ስለዚህ የፍቺው ውሳኔ በሚሰጥበት ችሎት ላይ የጋራው ንብረት ገቢ ሒሳብ እንዲቀርብ፣ ድርሻዋ በየወሩ እንዲከፈላት ወይም አስተዳዳሪ እንዲሾም መጠየቅ አለባት። ይህን ሳያነሳ የቀረ ጠበቃ ደንበኛውን ለወራት ባዶ እጅ ያስቀምጣታል።

ስንት

በሕጉ ውስጥ ሠንጠረዥም መቶኛም የለም። ሁለት ነገር ይመዘናል፤ የጠያቂው ፍላጎትና የሰጪው አቅም። ሁኔታ ሲለወጥ መጠኑ እንዲከለስ ማመልከትም ይቻላል። ይህ አጭር ድንጋጌ በወር ደመወዝተኛ ላይ ሲሠራ ቀላል ነው። መሥሪያ ቤቱ የደመወዙን ልክ ይጽፋል፣ ፍርድ ቤቱም ቆርጦ እንዲልክ ያዛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ለነጋዴ ግን ማንም የደመወዝ ደብዳቤ አይጽፍለትም።

አንድ ምሳሌ አውጥተን እንየው። ሰዎቹም ቁጥሮቹም ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው። ባል እህል በረንዳ ጤፍና ስንዴ በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አንድ አይሱዙ መኪና አለው፣ መጋዘን ተከራይቷል። ሚስት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤት ይዛ ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ተጣልተው እህቷ ጋ ገብታለች፣ ልጆቹም ከእሷ ጋር ናቸው።

በአቤቱታዋ ላይ የራሷንና የልጆቹን ወጪ ለየብቻ ትዘረዝራለች። ለራሷ የቤት ኪራይ 12,000፣ ምግብ 9,000፣ ትራንስፖርት 2,000፣ የደም ግፊት መድኃኒትና ሕክምና 1,500፣ በድምሩ 24,500 ብር ትላለች። የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ምግብና ልብስ በሌላ ገጽ ታስቀምጣለች። መለየቱ ትርጉም አለው። ፍቺው ሲወሰን የመጀመሪያው ገጽ ይቆማል፣ ሁለተኛው ይቀጥላል። አንድ ላይ ተደምሮ የተወሰነ ቀለብ ከፍቺው በኋላ ስንቱ የልጅ፣ ስንቱ የእናት እንደሆነ ሌላ ሙግት ያመጣል።

ባል መልስ ሲሰጥ የግብር መዝገቡን ያቀርባል። ያሳወቀው ትርፍ በወር ሲካፈል 30,000 ብር ነው፣ «ከዚህ ላይ ሃያ አራት ሺህ ብሰጥ እኔ ምን እበላለሁ?» ይላል። የሚስት ሥራ ይህን ቁጥር መፈተን ነው። ለባንክ ትእዛዝ እንዲጻፍ ጠይቃ የሒሳብ እንቅስቃሴውን ታስመጣለች። ባንክ የገባ ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አለመሆኑን ዳኛው ያውቃል፣ የጅምላ ነጋዴ ገንዘብ ገብቶ ለገበሬና ለደላላ ይወጣልና። ስለዚህ ከጠቅላላው ድምር ይልቅ የሚያሳምነው የኑሮው ልክ ነው። የመጋዘኑ ኪራይ ብቻ በወር 25,000 ብር ከሆነ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ በስሙ ሲከፈል ከቆየ፣ የመኪናው ሊብሬ በእጁ ካለና ጭነት እንደሚሠራ የሚያሳይ ሰነድ ከተገኘ 30,000 የሚለው ቁጥር አይቆምም። በምሳሌያችን ፍርድ ቤቱ የባልን የተጣራ ወርሃዊ ገቢ 75,000 ብር ገደማ አድርጎ ወሰደ እንበል። እህቷ ቤት እስካለች ሙሉ ኪራይ እንደማትከፍል ቆጥሮ ለእሷ 18,000፣ ለልጆቹ ለብቻ 16,000 ብር አዘዘ። ለባል የቀረው 41,000 ነው። ሌላ ዳኛ 12,000 ወይም 20,000 ሊል ይችላል። የሕጉ ድክመትም እዚህ ላይ ነው፤ ተመሳሳይ ኑሮ ያላቸው ሁለት ሴቶች በሁለት ችሎት ሁለት ዓይነት ቀለብ ይዘው ይወጣሉ።

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ለዚሁ ጊዜያዊ ቀለብ ቀመር አለ። ልጅ ለሌላቸውና የሁለቱ ወርሃዊ ገቢ ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ለማይበልጥ ባልና ሚስት፣ ከከፋዩ ወርሃዊ ገቢ 27 በመቶ ተወስዶ የተቀባዩ ገቢ ግማሽ ይቀነስበታል። ባል 6,000፣ ሚስት 2,000 ዶላር ቢያገኙ 1,620 ሲቀነስ 1,000፣ በወር 620 ዶላር ይሆናል። ዳኛው በምክንያት ሊያሻሽለው ይችላል፣ መነሻው ግን ይታወቃል። ኒው ዮርክ ደግሞ ከፍቺ በኋላ ለሚቀጥለው ቀለብ የጊዜ መመሪያ አላት። ከ15 ዓመት ላልበለጠ ትዳር ከትዳሩ ዕድሜ ከ15 እስከ 30 በመቶ፣ ከ20 ዓመት ለበለጠው ከ35 እስከ 50 በመቶ ይላል። እኛ ጋ መነሻ የሚሆን ቁጥርም፣ ከፍቺ በኋላ የሚቀጥል ጊዜም የለም።

በቀለብ ቦታ የቆሙት መብቶች

ሕጉ ለተፋታ ሰው የሚሰጠው ዋናው ነገር የጋራ ንብረት እኩል ክፍፍል ነው። በትዳር ዘመን በሁለቱ ድካም የተገኘ ሁሉ፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የቤት እመቤትነት ድርሻን አይቀንስም። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ቤቱ 6,000,000፣ አይሱዙው 3,000,000፣ መጋዘን ውስጥ ያለው እህል 1,400,000 ብር ተገመተ፣ ዕዳው 400,000 ነው። የተጣራው 10,000,000፣ የእሷ ድርሻ 5,000,000 ብር ይሆናል።

አሁን ሁለቱን እናስተያይ። ባል አቤቱታው እንደተሰማ መኪናውን ለዘመዱ «ሸጦ» ገንዘቡን ቢሰውር ሚስት የምታጣው 1,500,000 ብር ነው። ይህ በ18,000 ብር ሒሳብ የ83 ወር ቀለብ ነው፤ ሰባት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር የቀረው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን አቤቱታ ላይ ከቀለቡ ጎን የንብረት ዕግድ መኖር አለበት። ለመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ፣ ለመሬት አስተዳደሩና ለባንኩ ትእዛዝ እንዲጻፍ መጠየቅ ማለት ነው። የቤተሰብ ሕጉ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረትን፣ እንዲሁም ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ ሌላ የጋራ ንብረትን ለሦስተኛ ሰው ለማስተላለፍ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ያለ ስምምነት የተደረገ ውል እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል፤ ጊዜው ካወቁ በኋላ ስድስት ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ነው። እህል ግን ሊብሬ የለውም። ከመጋዘን በአንድ ሌሊት ተጭኖ ሊወጣ ስለሚችል ክምችቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቆጠርና እንዲመዘገብ መጠየቅ ከዕግዱ በላይ ያዋጣል።

ሁለተኛው መብት በአንቀጽ 84 ያለው ካሳ ነው። የፍቺው ምክንያት የአንደኛው ጥፋት ከሆነና ፍትሕ የሚያስገድድ ሲሆን ጥፋተኛው ለደረሰው ጉዳት እንዲክስ ሊታዘዝ ይችላል። ከቀለብ የሚለየው የወደፊት ኑሮን ሳይሆን የደረሰ ጉዳትን መመልከቱ ነው። ድብደባ ያስከተለው የሕክምና ወጪ በሰነድ ይረጋገጣል። «ወጣትነቴን ጨረሰው» የሚለው አቤቱታ ግን እውነት ቢሆንም በብር ለመለካት ከባድ ነው።

ሦስተኛውና ሳይጠቀሙበት የሚቀረው መንገድ ስምምነት ነው። ተጋቢዎች በስምምነት ሲፋቱ የፍቺውን ውጤት ራሳቸው ጽፈው ያቀርባሉ፣ ፍርድ ቤቱም የልጆቹንና የአንደኛውን ወገን ጥቅም በበቂ ሁኔታ የሚጠብቅ መሆኑን አይቶ ያጸድቀዋል። እዚያ ውስጥ «ባል ከፍቺው በኋላ ለ36 ወር፣ በየወሩ በ5ኛው ቀን፣ 10,000 ብር በሚስት የባንክ ሒሳብ ያስገባል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ከፍቺ በኋላ የሚዘልቅ ቀለብ አዲስ አበባ ውስጥ እግር የሚተክልበት ቦታ ይህ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 658 በሕግ ወይም በውል ያለበትን ቀለብ ያለ በቂ ምክንያት የማይሰጥን ሰው፣ በተበዳይ አቤቱታ፣ ይቀጣል፤ የተፋታ የትዳር ጓደኛንም ይጠቅሳል። መጠኑ፣ ቀኑ፣ የሚያበቃበት ጊዜና የዋጋ ንረት ሲመጣ የሚጨመርበት ስሌት ያልተጻፈበት ስምምነት ግን በአፈጻጸም ችሎት ላይ ይንገዳገዳል። «እንደ አቅሙ ይረዳታል» የሚል የሽማግሌ ቃል ደግሞ ከናካቴው አይፈጸምም።

የሸሪዓው በር

መሳለሚያና አካባቢው ብዙ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚኖሩበት ስለሆነ ሁለተኛውን ችሎት ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የቆሙ ሲሆን ጋብቻን፣ ፍቺንና ቀለብን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ነው። የፈቃዱን መርህ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ያስቀምጣል። ተከሳሽ መጥሪያ ደርሶት ካልቀረበ ግን እንደፈቀደ ይቆጠራል። አንዴ ከተመረጠ በኋላ ወደ ሌላው ፍርድ ቤት መዞር አይቻልም። ስለዚህ መጥሪያ የደረሳት ሴት ባትፈቅድ እንኳ ቀርባ አለመፍቀዷን መናገር አለባት።

በሸሪዓ ከፍቺ በኋላ የሚቀጥል ቀለብ አለ፣ ግን አጭር ነው። ባል ሊመልሳት በሚችልበት ፍቺ ዒዳዋ እስኪያበቃ ድረስ ትቀለባለች፤ ይህም በሦስት የወር አበባ ዑደት ይለካል፣ ሦስት ወር ገደማ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ይቀጥላል። መመለስ በማይቻልበት ፍቺ መዝሀቦች ይለያያሉ። ሐነፊዎች በዒዳ ውስጥ ቀለቡን ሲያጸኑ ሻፊዒዎች ነፍሰ ጡር ካልሆነች መኖሪያውን ብቻ ያጸኑላታል። ያልተከፈለ መህር ካለም ዕዳ ነውና ይጠየቃል። እንግዲህ ስሌቱ ይህ ነው። የዒዳ ቀለብና መህር በሸሪዓው ችሎት በኩል፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥሪት እኩሌታ በመደበኛው ፍርድ ቤት በኩል። ንብረት ያለው ትዳር ላይ የችሎት ምርጫው የሚወሰነው በዚህ ሚዛን ነው፣ ፈቃድ ከመስጠት በፊትም ሊታሰብበት ይገባል።

ሕጉ የማይደርስላቸው

እስካሁን ያየነው ሥርዓት ንብረት ላለው ሰው ይሠራል። ባል ከመንግሥት ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ በጋራ ያፈሩት አልጋና ቴሌቪዥን ብቻ የሆነ፣ ልጆቹም ያደጉ ቢሆኑስ? ሃያ አምስት ዓመት ቤት የጠበቀች የሃምሳ ዓመት ሴት ከፍቺው ማግስት የቀለብ መብት የላትም፣ የሚካፈሉት ሀብት የለም፣ የልጅ ቀለብም አልቋል። ባሏ በየወሩ የሚቀበለውን ደመወዝ ይዞ ይሄዳል፣ እሷ ያንን ደመወዝ እንዲያገኝ ያደረገችው አስተዋፅኦ በእኩል ክፍፍል ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ከዘመዶቿ መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ የሚያርፍባቸው ያደጉ ልጆቿ ናቸው። ማለትም ሕጉ የአባትን ድርሻ ወደ ልጆች ያሻግረዋል።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የዕድሜ ልክ ቀለብ አያስፈልግም። ከተወሰነ ዓመት በላይ ለቆየ ትዳር፣ የጋራ ንብረቱ ለኑሮ የማይበቃ ሲሆን፣ ራስን እስከመቻል ድረስ ለተወሰኑ ዓመታት የሚከፈልና ጠያቂው እንደገና ሲያገባ የሚቋረጥ ድጎማ በአንቀጽ 83 እና 84 አጠገብ ቢገባ ይበቃል። መነሻ መቶኛ ቢኖረውም የዳኞቹ ልዩነት ይጠባል። እስከዚያው ድረስ ንብረት ያላት ሴት የመጀመሪያ ቀን አቤቱታዋ ላይ ቀለቧን፣ የልጆቿን ቀለብና ዕግዱን ለየብቻ ጽፋ ትቅረብ። ንብረት የሌላት ደግሞ ከፍቺው ውሳኔ በፊት፣ ባል ለመገላገል በሚቸኩልበት ሰዓት፣ የወር ክፍያውን በስምምነቱ ውስጥ በቁጥር ታስገባ፤ ከውሳኔው በኋላ እንዲከፍል የሚያስገድደው ያ ወረቀት ብቻ ነውና።